በአንድ ቀን የዘገየ ወረቀት

የዛሬውን ጽሑፍ በአንድ ቃል ልጀምር፦ ይርጋ። አንዳንዶቻችሁ ቃሉን በሰው ስምነት ታውቁት ይሆናል። በሕግ ቋንቋ ግን ይርጋ ማለት አንድ ሰው ክስ ሳያቀርብ የሚቆይበት ጊዜ ሲያልፍ መብቱ የሚቀርበት ደንብ ነው። ሥሩ «ረጋ» ነው። ወተት ሳይነካ ሲቀመጥ ይረጋል፣ እርጎ ይሆናል፤ ከረጋ በኋላ ደግሞ ወደ ወተትነት አይመለስም። ሳይጠየቅ የቆየ መብትም እንደዚያው ነው።

በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሰው በሌላ ሰው ጥፋት ጉዳት ከደረሰበት ካሳ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት አለው። ይህ በአንቀጽ 2143 ላይ ተጽፏል። እዚህ ካሊፎርኒያ ውስጥም አንድ የግል መኪና ገጭቶ ቢያቆስላችሁ ክስ ለመመሥረት ያላችሁ ጊዜ በአብዛኛው ሁለት ዓመት ነው። ስለዚህ ወላጆቻችን «ሁለት ዓመት አለ፣ ምን ያስቸኩላል» ቢሉ ከምንም ተነሥተው አይደለም። ችግሩ የሚመጣው የገጨው መኪና የከተማው፣ የካውንቲው ወይም የሕዝብ አውቶቡስ ድርጅቱ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ከክሱ በፊት ሌላ አጭር ጊዜ አለ። እሱም ስድስት ወር ነው።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፌ ነው የምኖረው። ይህን ደንብ የተማርኩት ባለፈው ዓመት፣ በጥምቀት ዋዜማ፣ በአንዲት ሴት ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

ሴትዮዋ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። እኛ «እትዬ» ነው የምንላቸው፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። የአውቶቡሱን ድርጅት ስምም እተወዋለሁ፤ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። እትዬ ሐምሌ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 17 ቀን 2024፣ ከሥራ ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ወደቁ። ገና ሳይቀመጡ አውቶቡሱ ተነሣ፤ ወዲያው ደግሞ ድንገት ቆመ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። በቀዶ ሕክምና ብረት ገባላቸው። ሥራቸው ምግብ ማብሰል ነበርና ለአራት ወር ያህል አልሠሩም።

ከወደቁበት ቀን ጀምሮ ድርጅቱ ጉዳዩን በደንብ ያውቅ ነበር። ሾፌሩ ስማቸውን ጻፈ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ፎቶ አነሣ። አውቶቡሱ ውስጥ ካሜራ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ከድርጅቱ አንዲት ትሑት ሠራተኛ ደውላ «እንዴት ነዎት? እጅዎ ተሻለው?» አለቻቸው። ከዚያም በየወሩ ትደውል ነበር። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ውስጥ ምስጋና ነበር።

«ልጄ፣ ሁሉንም ያውቃሉ እኮ» አሉኝ። «ሾፌሩ ራሱ ጽፎታል። ካሜራው ቀርጾታል። ሌላ ምን ልንገራቸው?»

ይህ ጥያቄ የጉዳዩ ሁሉ ልብ ነው። መልሱ ደግሞ ለሰሚው ግር ይላል፤ ድርጅቱ ማወቁ አይበቃም። ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ በሕጉ መንገድ መጠየቅ ሌላ ነገር ነው።

በካሊፎርኒያ የመንግሥት አካልን በገንዘብ ከመክሰሳችሁ በፊት ለራሱ ለዚያ አካል በጽሑፍ የካሳ ጥያቄ ማቅረብ አለባችሁ። ለአካል ጉዳት፣ ለሞት፣ ወይም እንደ መኪናና ስልክ ላለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ጉዳት ጊዜው ስድስት ወር ነው። ለሌሎች ብዙ ጉዳዮች፣ ለምሳሌ ለውል ክርክር፣ አንድ ዓመት ነው። ይህን ወረቀት ሳያቀርብ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው፣ የእውነት ቢጎዳም፣ ጥፋቱ የድርጅቱ ቢሆንም፣ ክሱ ይዘጋበታል። በክሱ ጽሑፍ ላይ ራሱ «ጥያቄዬን በጊዜው አቅርቤያለሁ» ብሎ መጻፍም ግዴታ ነው።

የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በ1974 በሳን ሆዜ ከተማ ጉዳይ ላይ ግልጽ አድርጎታል። በከተማው አውሮፕላን ማረፊያ አቅራቢያ የሚኖሩ ባለንብረቶች በድምፅና በአቧራ ተማረው ከሰው ነበር። ፍርድ ቤቱ እንዳለው፣ የመንግሥት አካል ነገሩን አስቀድሞ ቢያውቅም እንኳ ጥያቄው በሕጉ መሠረት መቅረብ አለበት። ምክንያቱንም አስረዳ። የወረቀቱ ዓላማ ድርጅቱ ድንገተኛ ነገር እንዳይገጥመው መከላከል አይደለም። ነገሩን እንዲመረምርና ተገቢ ከሆነ ያለ ክስ ወጪ እንዲስማማ ዕድል መስጠት ነው።

ይህን ለእትዬ ስነግራቸው ትንሽ ገረማቸው። እሳቸው ወረቀት ማስገባት ማለት መክሰስ፣ መክሰስ ማለት ደግሞ መጣላት መስሏቸው ነበር። «ያቺ ልጅ እኮ በየወሩ ትደውልልኛለች፤ እንዴት ብዬ ልክሰሳት?» ነበር ያሉኝ። ይህን ስሜት በብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ወረቀቱ ግን ክስ አይደለም። ያቺ ሠራተኛ ራሷ ገንዘብ ማስፈቀድ ብትፈልግ በእጇ ያለ ጥያቄ ያስፈልጋታል። ደግሞ ስልክ ጊዜውን አያቆመውም። ለስድስት ወር በደግነት ሲደወል ቢከርምም ስድስተኛው ወር ያው በቀኑ ይሞላል።

አሁን ስለ ቀኑ ልንገራችሁ፤ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

እትዬ የስድስት ወሩን ደንብ ጨርሶ አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። በኅዳር ወር አንዲት የሥራ ባልደረባቸው «ስድስት ወር ሳይሞላሽ ወረቀት አስገቢ» ብላቸው ነበር። እሳቸውም ወረቀቱን ከድርጅቱ አስመጡ፤ በልጃቸው እጅ አስሞሉት። ከዚያ አስቀመጡት። ለምን? ወረቀቱ ላይ የገንዘብ መጠን የሚሞላበት ቦታ አለ። የሆስፒታሉ ሂሳብ ገና ተጠቃሎ አልመጣም ነበር፤ «ሙሉውን ልወቅና ልጻፍ» ብለው ጠበቁ።

እዚህ ላይ ላቁም፤ ይህ ጥንቃቄ የማያስፈልግ ነበርና። ሕጉ የሚለው፣ የምትጠይቁት ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ የገንዘቡን ቁጥር አትጻፉ ነው። ጉዳዩ ከዚያ እንደሚበልጥ ማመልከትና ወደ የትኛው የፍርድ ቤት ምድብ እንደሚሄድ መግለጽ ይበቃል። ከ10,000 በታች ከሆነም እስካሁን የምታውቁትንና የምትገምቱትን ትጽፋላችሁ። ከዚያ ውጭ ወረቀቱ የሚፈልገው ብዙ አይደለም። ስምና አድራሻ፣ መልስ የሚላክበት አድራሻ፣ ነገሩ የደረሰበት ቀንና ቦታ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን ጉዳት እንደደረሰ፣ የሠራተኛው ስም ከታወቀ እሱ፣ ከዚያ ፊርማ። የእትዬ ወረቀት በኅዳር ሊላክ ይችል ነበር።

እሳቸው ግን የመጨረሻውን ቀን አስልተው በወጥ ቤቱ ግድግዳ ባለው የቤተ ክርስቲያን ካሌንደር ላይ ከበውታል። ሐምሌ 10 ወደቁ። ነሐሴ 10 አንድ፣ መስከረም 10 ሁለት፣ ጥቅምት ሦስት፣ ኅዳር አራት፣ ታኅሣሥ አምስት፣ ጥር 10 ስድስት። ጥር 10 የከተራ ቀን ነው፤ ስለዚህ አይረሳም። በዚያ ቀን ጠዋት ጠሩኝና «ዛሬ ነው የሚያበቃው፣ ፖስታ ቤት አድርሰኝ» አሉኝ።

ካሌንደሩን አየሁ። ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ጃንዋሪ 18 ቀን 2025 ነው። የወደቁት ጁላይ 17 ነው። በካሊፎርኒያ አቆጣጠር ስድስት ወሩ የሞላው ጃንዋሪ 17 ነበር። ትናንትና።

ምን ሆነ? ጳጉሜን ነች። የእኛ ወር ሁሉ ሠላሳ ቀን ነው፤ ስድስት ወር ሲባል 180 ቀን ይሆናል። ነገር ግን በመካከሉ ጳጉሜን ከገባች፣ እትዬ እንዳደረጉት እንደ ወር ሳትቆጠር ትታለፋለች፤ አምስት ቀኖቿ ግን ያልፋሉ። ስለዚህ 185 ቀን ይሆናል፤ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 186። የፈረንጆቹ ስድስት ወር ከ184 ቀን አይበልጥም። የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤቶች ስድስት ወርን ሲተረጉሙ የካሌንደሩን ስድስት ወር ወይም 182 ቀንን፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ይወስዳሉ፤ ያም ቢሆን ከ184 አያልፍም። እንግዲህ በእኛ ካሌንደር ስትቆጥሩ ጳጉሜን በመካከል ከሌለች ሁልጊዜ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ። ጳጉሜን ካለች ግን ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ ቀን ትዘገያላችሁ። እኔ በሥራዬ የቀን ስሌት ስህተት ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚህ የሚያምርና የሚያናድድ ግን አላየሁም።

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «አንድ ቀን?» አሉ። «በአንድ ቀን ይከለክሉኛል?»

አዎ፣ ይከለክላሉ። አንድ ቀንና መቶ ቀን በዚህ ደንብ ፊት እኩል ናቸው። ቢሆንም ወረቀቱን በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ፖስታ ቤት ወስደን በአደራ ደብዳቤ ላክነው፤ ደረሰኙንም ያዝን። ለምን ከተባለ ሁለት ምክንያት ነበረኝ። በፖስታ የተላከ ጥያቄ፣ አድራሻውና ቴምብሩ ትክክል ከሆነ፣ እንደ ቀረበ የሚቆጠረው ፖስታ ውስጥ በገባበት ቀን ነው፤ ስለዚህ ተጨማሪ ቀን ማባከን አያስፈልግም። ሁለተኛው ደግሞ ጊዜ በድርጅቱም ላይ ይቆጥራል። ጥያቄው የዘገየ ከመሰለው፣ ድርጅቱ በ45 ቀን ውስጥ «ዘግይቷል» ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ካላሳወቀ በመዘግየቱ መከራከር አይችልም፤ አመልካቹ የመመለሻ አድራሻ ካልጻፈ ግን ይህ አይሠራም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ወደ ፖስታ ቤት ከመሄዳችን በፊት ግን ፖስታው ላይ የተጻፈውን አድራሻ ቀየርነው። የእትዬ ልጅ የጻፈችው ለዚያች ለምትደውለው ሠራተኛ ነበር። በየወሩ የሚያነጋግራችሁ ሰው እሷ ከሆነች ለእሷ መላክ ተገቢ ይመስላል። ሕጉ ግን ወረቀቱ ለማን እንደሚሰጥ በስም ይዘረዝራል፤ ለድርጅቱ ጸሐፊ፣ ለሂሳብ ኦዲተሩ፣ ወይም ለአስተዳደር ቦርዱ። ለሌላ ሠራተኛ የተሰጠ ወረቀት ከእነዚህ ለአንዱ በጊዜው ካልደረሰ እንዳልቀረበ ይቆጠራል።

ይህን ያወቅሁት ሳን ሆዜ ውስጥ ከደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ነው። በ2006 አንዲት ሴት በሳንታ ክላራ ካውንቲ ሆስፒታል፣ በባስኮም ጎዳና ባለው በቫሊ ሜዲካል ሴንተር፣ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በቀዶ ሕክምናው ተጎዳሁ ሲሉ ጠበቃቸው በ2007 ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤውን እዚያው ሆስፒታል ለአንዲት ሠራተኛ ሰጠ፤ የተጻፈውም ለሆስፒታሉ የስጋት አስተዳደር ክፍልና ለሐኪሞቹ ነበር። ክፍሉ ደብዳቤውን አገኘው። የካውንቲው የካሳ ሠራተኛም ጠበቃውን አነጋገረው። ነገር ግን ደብዳቤው በሄዲንግ ጎዳና ወዳለው የካውንቲው ቦርድ ጸሐፊ ቢሮ አልደረሰም። ከሆስፒታሉ እስከዚያ ቢሮ ያለው ርቀት ጥቂት ማይል ነው።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለካውንቲው ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ «የሚመለከተው ክፍል ስላገኘው ይበቃል» ብሎ ለሴትዮዋ ፈረደ። በ2012 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሻረው። ሕጉ የዘረዘራቸው ተቀባዮች የታወቁ ናቸው፤ ከእነሱ ለአንዱ ካልደረሰ አልቀረበም አለ። ጥያቄያቸው በዚያ አበቃ። ሕክምናው ላይ ስህተት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ጥያቄ ለፍርድ አልቀረበም። እኔ በበኩሌ የይግባኝ ሰሚው አስተያየት ለሰው ልጅ የቀረበ ይመስለኛል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሕግ ነው፤ ፖስታ ስትጽፉ የምታስቡት እሱን ነው።

ለዚህም ነው «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚቀድመው። በኦክላንድ መንገድ ላይ የሚሄደው የኤሲ ትራንዚት አውቶቡስ የኦክላንድ ከተማ አይደለም፤ የራሱ ቦርድ ያለው ድርጅት ነው። ባርትም እንዲሁ። የኦክላንድ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ዲስትሪክቱ ናቸው። ሃይላንድ ሆስፒታልን የሚያስተዳድረው አላሜዳ ሄልዝ ሲስተም የሚባል ራሱን የቻለ የሕዝብ ተቋም ነው። ሳን ሆዜ ውስጥ ቀላል ባቡሩና አውቶቡሱ የቪቲኤ ነው፤ ቫሊ ሜዲካል የካውንቲው ነው፤ የከተማው መኪና ከገጫችሁ ደግሞ ወረቀቱ የሚሄደው በሳንታ ክላራ ጎዳና በከተማው አዳራሽ ላለው የከተማ ጸሐፊ ነው። አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ቆማችሁ ዙሪያችሁን ብታዩ አራት የተለያዩ ባለቤቶች ልታገኙ ትችላላችሁ። ለአንዱ የሰጣችሁት ወረቀት ለሌላው አይቆጠርም።

ወደ እትዬ ልመለስ። በፌብሩዋሪ መጀመሪያ መልስ መጣ። ወረቀታቸው ከደብዳቤ ጋር ተመልሷል፤ «በስድስት ወር ውስጥ ስላልቀረበ አልተመለከትነውም» ይላል። ድርጅቱ 45 ቀኑን አላሳለፈም። ነገር ግን በደብዳቤው ግርጌ ሌላ አንቀጽ ነበር፤ የዘገየ ጥያቄ ለማቅረብ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል የሚል። ይህን አንቀጽ ድርጅቱ በደግነት ያስገባው አይደለም፤ ሕጉ እንዲጽፍ ያስገድደዋል። እትዬ ግን እስከ «አልተመለከትነውም» ድረስ አስነብበው ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ልጃቸው ነች እስከ ታች አንብባ ያገኘችው። በየቤታችሁ ደብዳቤ የምታነቡት እናንተ ናችሁና ይህን ልብ በሉ፤ ዋናው ነገር ብዙ ጊዜ ግርጌ ላይ ነው።

ፈቃዱ የሚጠየቀው ጉዳቱ ከደረሰ አንድ ዓመት ሳይሞላ ነው፤ ያም ሆኖ ሳይዘገዩ። አንድ ዓመቱ ካለፈ ፍርድ ቤትም ሊረዳ አይችልም። በማመልከቻው ላይ የዘገያችሁበትን ምክንያት ትጽፋላችሁ፤ የካሳ ጥያቄውንም አብራችሁ ታያይዛላችሁ። ተቀባይነት ያላቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። ተጎጂው በስድስት ወሩ ሁሉ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከነበረ ሊፈቀድለት ይገባል። በስድስት ወሩ ሁሉ በአካል ወይም በአእምሮ ሕመም አቅም አጥቶ በዚህም ምክንያት ሳያቀርብ ከቀረም እንዲሁ። በጊዜው ውስጥ ለሞተ ሰው ቤተሰብም ይሠራል። ለቀሪዎቻችን ያለው በር ጠበብ ያለ ነው፤ ስህተት፣ ወይም ጠንቃቃ ሰውም ሊያጋጥመው የሚችል መዘንጋት። በዚያ ላይ መዘግየቱ የድርጅቱን መከላከያ ያልጎዳ መሆን አለበት።

ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። «ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለት ብቻውን አይበቃም። ፍርድ ቤቶች የሚጠይቁት፣ ጠንቃቃ ሰው በዚህ ሰው ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር የሚለውን ነው። ስድስት ወር ሙሉ ማንንም ሳይጠይቅ የተቀመጠ ሰው ብዙ ጊዜ ይወድቃል። በጊዜው ጠበቃ የፈለገ፣ ወረቀት ያስመጣ፣ ሞልቶ ያስቀመጠ፣ ከዚያ በሆነ ስህተት የዘገየ ሰው ግን የሚለው አለው።

እትዬ ደግሞ የሚሉት ነበራቸው። በዚህ ጊዜ ኦክላንድ ውስጥ አንዲት ጠበቃ አገኘንላቸው፤ ማመልከቻውን እሷ ጻፈችው። በኅዳር የተሞላው ወረቀት ቀኑ አለበት። የግድግዳው ካሌንደር ፎቶ ተያያዘ፤ ጥር 10 በቀይ ተከቧል። የእኛ ዓመት አሥራ ሦስት ወር እንዳለውና ጳጉሜን አምስት ቀን እንደሆነች በአንድ አንቀጽ ተብራራ። ጠበቃዋ ይህን አንቀጽ ስትጽፍ እየሳቀች ነበር፤ እንዲህ ያለ ምክንያት ጽፋ አታውቅም።

ከዚያ ያ የእትዬ የመጀመሪያ ክርክር፣ «ሁሉንም ያውቃሉ እኮ» ያሉት፣ ቦታውን አገኘ። ማወቃቸው የወረቀቱን ቦታ አልተካም ነበር። አሁን ግን «መዘግየቱ ጎድቷችኋል ወይ?» ሲባል ትልቅ መልስ ሆነ። የሾፌሩ ጽሑፍ አለ፣ ፎቶው አለ፣ የካሜራው ምስል ተቀምጧል፤ በአንድ ቀን መዘግየት ምን ማስረጃ ጠፋ? ምንም።

እግረ መንገዴን፣ ከግል የኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ነገሩ ወደዚህ ይጠጋል። በካሊፎርኒያ በብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ላይ ደንበኛው ዘግይቶ ቢያሳውቅም፣ ኩባንያው መዘግየቱ በእርግጥ እንደጎዳው ካላሳየ በዚያ ብቻ ክፍያ መከልከል አይችልም። ወላጆቻችን ከመኪና ኢንሹራንስ የለመዱት ልስላሴ ይህ ነው። ከመንግሥት አካል ጋር ሲሆን ግን የጉዳቱ ጥያቄ የሚነሣው ሁለተኛ ዕድል በተለመነበት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው በር ላይ ማንም አይጠይቀውም።

ማመልከቻው ፌብሩዋሪ 18 ተላከ። ለዚህም ድርጅቱ 45 ቀን አለው፤ ዝም ካለ እንደ እምቢታ ይቆጠራል። እምቢ ቢል ኖሮ እትዬ በስድስት ወር ውስጥ ለፍርድ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ነበረባቸው፤ ለአላሜዳ ካውንቲ ጉዳይ ኦክላንድ በሜሪት ሐይቅ ዳር ባለው ፍርድ ቤት፣ ለሳንታ ክላራ ካውንቲ ደግሞ ሳን ሆዜ መሀል ከተማ። ያ አልደረሰም። ማርች 24 ፈቃዱ መጣ።

እትዬ ያን ቀን ቡና አፍልተው ጠሩን። የካሳው ብር የመጣ መስሏቸው ነበር። የተፈቀደው ግን መጠየቁ ብቻ ነው፤ ጥያቄው እንደቀረበ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲሆን ሌላ 45 ቀን ይጀምራል። ሜይ 5 ቀን 2025 ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ተላከ፤ ጥያቄው ተመርምሮ ውድቅ ተደርጓል ይላል። እትዬ ደነገጡ፤ ጠበቃዋ ግን አልደነገጠችም። ብዙ ጥያቄ በዚህ ደረጃ ውድቅ ይደረጋል፤ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው በር የሚከፈተውም በዚህ ደብዳቤ ነው። ድርጅቱ በጽሑፍ ሳይመልስ ዝም ቢል ኖሮ ለክስ ሁለት ዓመት ከጉዳቱ ቀን ይቆጠር ነበር። ውድቅ የሚያደርግ ደብዳቤ በአግባቡ ከተላከ ግን ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ፣ ደብዳቤው በእጅ ከተሰጠበት ወይም ፖስታ ውስጥ ከገባበት ቀን ጀምሮ፣ ስድስት ወር ብቻ ነው። እናንተ ከከፈታችሁበት ቀን አይደለም።

እትዬ እስክሪብቶ አንሥተው ወደ ግድግዳው ካሌንደር ሄዱ። ሜይ 5 ሚያዝያ 27 ነው። በጣታቸው ቆጠሩ፤ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። እዚህ ላይ ቆሙና ዞረው አዩኝ።

«ጳጉሜን አለችበት» አሉ።

አለችበት። በእሳቸው አቆጣጠር ጥቅምት 27 ይሆናል፤ እሱም ኖቬምበር 6 ነው። የመጨረሻው ቀን ኖቬምበር 5 ነው። ጥቅምት 26ን ከበው፣ ከሥሩ «ከዚህ በፊት» ብለው ጻፉ። ጠበቃዋ ክሱን በመስከረም አስገባች።